ውሃ የነካው ዱቄት

ከቆሰበር መድኃኒት ቤቶች ለልጅ ተብሎ የሚወጣው አንቲባዮቲክ ሽሮፕ አብዛኛው ገና ሽሮፕ አይደለም። ጠርሙሱን ገልበጥ አድርጋችሁ ብታዩት ከታች የተኛ ደረቅ ዱቄት ታገኛላችሁ። ሽሮፕ የሚሆነው ውሃ ሲገባበት ነው። ውሃውን የምትጨምሩትም ብዙ ጊዜ እናንተ ናችሁ፤ ቤት ገብታችሁ፣ ልጁ በትኩሳት እያለቀሰ። የመድኃኒት ቅመማው የመጨረሻ ሥራ በእናንተ እጅ ያልቃል ማለት ነው። እኛ ፋርማሲስቶች ደግሞ ወረፋው ሲረዝም «ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ በጥብጪው፣ ጠዋትና ማታ ስጪው» ብለን እንሸኛለን። በዚህ ምዕራፍ ያቺ አንድ ዓረፍተ ነገር የዘለለችውን እጽፋለሁ።

መጀመሪያ ዱቄት የሆነበትን ምክንያት እንይ። ከሌሎቹ ሁሉ በብዛት የሚታዘዘው አሞክሳሲሊን ነው። በሞለኪውሉ መሐል አንዲት ባለ አራት ማዕዘን ቀለበት አለች፤ ባክቴሪያው የሰውነቱን ግድግዳ መገንባት እንዳይችል የምታደርገው እሷ ናት። ቀለበቷ የተወጠረች ስለሆነች ውሃ ቀስ በቀስ ይሰብራታል። ከተሰበረች መድኃኒቱ ባክቴሪያውን አይነካውም። ሙቀት ሲኖር ስብራቱ ይፋጠናል። ስለዚህ ፋብሪካው ዱቄቱን ደረቅ አድርጎ ይልከዋል፤ በዚያ መልኩ ዓመት አልፎትም ይቆያል። ውሃ ከነካው በኋላ ግን ዕድሜው በቀን የሚቆጠር ነው። የጤፍ ዱቄት በጆንያ ይከርማል፣ የተቦካ ሊጥ ግን ማንንም አይጠብቅም፤ ጉዳዩ ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ጠርሙሱ ላይ የታተመው የአገልግሎት ማብቂያ ቀን የሚናገረው እንግዲህ ስለ ደረቁ ዱቄት ብቻ ነው። እዚህ ላይ ሌላም ወጥመድ አለ። ቀኑ የሚጻፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። 06/2027 የሚል ያየ ወላጅ «ገና ብዙ ዓመት አለው» ብሎ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጠዋል፤ በእኛ ቁጥር ግን ይህ 2019 ሰኔ ላይ የሚያልቅ ነው። ያም ቢሆን ለተበጠበጠው ጠርሙስ ሁለቱም ቁጥር አይሠራም። ለእሱ የሚሠራው ውሃ የገባበት ቀን ነው። ያንን ቀን የሚያውቀው ደግሞ የበጠበጠው ሰው ብቻ ስለሆነ፣ ከመበጥበጣችሁ በፊት እስክሪብቶ አጠገባችሁ ይኑር።

አበጣጠሩ እንዲህ ነው። ውሃውን አፍሉና እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። ለብ ያለም ቢሆን አይሆንም፤ «ቶሎ ይሟሟል» ብለው ሞቅ ያለ ውሃ የሚጨምሩ አሉ፣ ግን ያቺን ቀለበት ከመጀመሪያው ቀን ይሰብሯታል። ታሽጎ የሚሸጥ ንጹሕ ውሃም ይሆናል፣ አምቦ ውሃ ግን አይሆንም። ጠበልም ሊሰጡት የሚፈልጉ ወላጆች ያጋጥሙኛል፤ እሱን ለብቻው ይስጡት እንጂ ዱቄቱ መበጥበጥ ያለበት ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ነው።

ክዳኑን ሳትከፍቱ ጠርሙሱን ገልብጣችሁ በመዳፋችሁ መታ መታ አድርጉት፤ ከታች የተጋገረው ዱቄት ይላቀቅ። ከዚያ ክፈቱና ምልክት እስከተደረገበት መስመር ግማሽ ገደማ ውሃ ጨምሩ። ከድናችሁ በደንብ ነቅንቁት። አረፋው ጥቂት ሲበርድ ቀሪውን ውሃ እስከ መስመሩ ሙሉና እንደገና ነቅንቁ። ውሃው በሁለት ጊዜ የሚጨመርበት ምክንያት አለው። ደረቁ ዱቄት በመሐሉ አየር አለው። በአንድ ጊዜ እስከ መስመሩ ሞልታችሁ ብትነቀንቁት አየሩ ይወጣና ፈሳሹ ከመስመሩ በታች ይወርዳል። ከወረደ ደግሞ እንደገና እስከ መስመሩ መሙላት ይገባችኋል፣ ያን ግን ብዙ ሰው አያየውም። በአንዳንድ ጠርሙስ መስመር የለም፤ በምትኩ የሚጨመረው ውሃ በሚሊ ሊትር ተጽፎ ይገኛል። እሱን በሲሪንጅ መለካት ነው፣ ሲሪንጅ ከሌላችሁ እኛን ጠይቁ። እንዲያውም ከሁሉ የሚሻለው ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ በንጹሕ ዕቃ ይዛችሁ መጥታችሁ መድኃኒት ቤቱ ውስጥ እንዲበጠበጥ መጠየቅ ነው። ሥራችን ነው፣ አትፈሩ። ቤታችሁ ሩቅ ከሆነ ግን ዛሬ የማትጀምሩትን ዛሬ አታስበጥብጡ።

አሁን ወደ ሰዓቱና ወደ ልኩ። አንድ ዓመት ተኩል የሆናት፣ 11 ኪሎ የምትመዝን ልጅ እንውሰድ። ጤና ጣቢያ ታየችና የሳንባ ምች ተባለች። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ለዚህ ክብደት፣ በ5 ሚሊ ሊትሩ 250 ሚሊ ግራም ከያዘው ሽሮፕ 10 ሚሊ ሊትር በቀን ሁለት ጊዜ ለ5 ቀን ይላል። የእናንተ ልጅ ሕመም ሌላ ሊሆን ይችላል፣ ሐኪሙም ሌላ መጠንና ሌላ የቀን ብዛት ሊያዝ ይችላል፤ ስለዚህ የምትከተሉት የራሳችሁን ማዘዣ ነው። እኔ ይህችን ልጅ የመረጥኳት ሒሳቧ ስለሚያምር ነው። 10 ሚሊ ሊትር ሁለት ጊዜ 20 ነው፣ በ5 ቀን 100 ይሆናል። ጠርሙሱም 100 ሚሊ ሊትር ነው። በአምስተኛው ቀን ማታ መድኃኒቱም ጠርሙሱም አብረው ያልቃሉ።

ይህ ከሆነ ጠርሙሱ ራሱ ምስክር ነው። ከግድግዳው ላይ ተጣብቆ የሚቀር ጥቂት ይኖራል፣ እሱን ተዉት። ነገር ግን በአራተኛው ቀን ተኩል ላይ ካለቀ አንድም ውሃው መስመሩ ላይ አልደረሰም፣ አንድም የምትሰጡበት ማንኪያ ትልቅ ነው። ለምሳሌ ፈሳሹ 90 ሚሊ ሊትር ላይ ቀርቶ ከሆነ፣ ልጅቷ በእያንዳንዱ ጊዜ 500 ሳይሆን 555 ሚሊ ግራም ገደማ ወስዳለች፤ ይህ አያስደነግጥም፣ ግን መጨረሻው ላይ ግማሽ ቀን ያለ መድኃኒት ትቀራለች። ውሃው በዝቶ 120 ቢደርስ ደግሞ በ10 ሚሊ ሊትሩ የምታገኘው 417 ገደማ ብቻ ነው፣ በአምስተኛው ቀንም ጠርሙሱ ውስጥ ይተርፋል። ግማሽ ያህል ከተረፈስ? ያኔ ብዙውን ጊዜ የምንሰማው «ጠዋት ጠዋት ሥራ ስለምሄድ ማታ ብቻ ነው የሰጠሁት» የሚል ነው።

ሌላው አሳሳች ነገር የጠርሙሱ ጥንካሬ ነው። አሞክሳሲሊን በ5 ሚሊ ሊትሩ 125 ሚሊ ግራም የያዘም አለ። መልኩም ሽታውም ያው ነው፣ ካርቶኑም ሊመሳሰል ይችላል። ለዚያች ልጅ 125ቱን ወስዳችሁ 10 ሚሊ ሊትር ብትሰጧት ግማሽ መድኃኒት ወሰደች። ባለፈው ጊዜ የሰጣችሁትን የማንኪያ ቁጥር ለአዲሱ ጠርሙስ አታዛውሩ። መድኃኒቱን ስትቀበሉ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፤ «ይሄኛው በስንት ሚሊ ሊትር ነው የሚሰጠው?» ቁጥሩን ካርቶኑ ላይ አስጽፉ። የምትሰጡትም ከጠርሙሱ ጋር በመጣው ልኬት ወይም መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ይሁን። የቤት የሻይ ማንኪያ አንዱ ከሌላው አይስማማም፤ ይህን በሥራችን በየጊዜው እያየን ዝም ማለታችን አንዳንዴ ያስቆጨኛል።

ከእያንዳንዱ መስጠት በፊት ጠርሙሱን ነቅንቁ። ይህ ሽሮፕ እንደ ስኳር ሟሙቶ የቀረ አይደለም፤ ደቃቅ ዱቄት ውሃ ውስጥ ተንሳፍፎ ነው ያለው። ሳይነቀነቅ ከተሰጠ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ውሃ የበዛበት፣ የመጨረሻዎቹ ዱቄት የበዛበት ይሆናሉ።

ሰዓቱን እንደ እኛ አቆጣጠር ልናገር። በቀን ሁለት ጊዜ ማለት በመካከላቸው 12 ሰዓት ይኖራል ማለት ነው፤ ጠዋት 1 ሰዓትና ማታ 1 ሰዓት ይመቻል። በቀን ሦስት ጊዜ ከታዘዘ ጠዋት 12፣ ከቀኑ 8፣ ማታ 4 ሰዓት ይሆናል። ለአንዳንድ ወላጅ «በየስምንት ሰዓቱ» ስንለው «በስምንት ሰዓት» ሆኖ ይሰማውና ቀን ላይ አንዴ ብቻ ይሰጣል፤ ስለዚህ ሦስቱንም ሰዓት በቁጥር አስጽፉ። ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ ደወል የምትሞሉም ከሆነ የብዙ ስልክ ሰዓት የፈረንጁ ነው፤ ጠዋት 1 ሰዓት 7:00 ላይ፣ ማታ 1 ሰዓት 19:00 ላይ ይሞላል። ግማሽ ሰዓት ቢዘገይ ወይም ቢቀድም አትጨነቁ። ልጁ ቀድሞ ከተኛም ሌሊት ስትነሡ ስጡት እንጂ ሙሉ በሙሉ አትዝለሉት።

የረሳችሁት ከሆነ ባስታወሳችሁበት ሰዓት ስጡ። የሚቀጥለው ሊደርስ ከሆነ ግን የረሳችሁትን ዝለሉና በሰዓቱ ቀጥሉ። ለማካካስ ሁለት ጊዜ በአንዴ መስጠት የለም። ከዋጠ በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ቢያስመልሰው ያንኑ ልክ አንድ ጊዜ ድገሙለት፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከሆነ አትድገሙ። የሚሰጠውን ሁሉ የሚያስመልስ ከሆነ ግን ሽሮፑ አይጠቅመውም፣ ወደ ጤና ጣቢያ መልሱት።

ብዙ ጊዜ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ልጁ ይነሣል፣ ይጫወታል። መድኃኒቱ የሚቋረጠውም ያኔ ነው። ትኩሳቱ የበረደው የባክቴሪያው ቁጥር ስለቀነሰ ነው፤ የቀሩት ደግሞ ከሌሎቹ ጠንከር ያሉት ሊሆኑ ይችላሉ። ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በፈረንጆች 1945 የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል ባደረገው ንግግር፣ መድኃኒቱን ከልክ በታች የሚወስድ ሰው መድኃኒቱ የማይደፍራቸውን ተህዋስያን ሊያሳድግ እንደሚችል አስጠንቅቆ ነበር። ያኔ አሞክሳሲሊን ገና አልነበረም። ስለዚህ ሐኪሙ የጻፈው የቀን ብዛት እስኪሞላ ቀጥሉ። በሌላ በኩል በሦስተኛው ቀንም ትኩሳቱ ካልበረደ፣ ወይም ከዚያ በፊት ልጁ መጥባትና መጠጣት ካቃተው፣ ሲተነፍስ የደረቱ ታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ ከገባ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ጠርሙሱ እስኪያልቅ አትጠብቁ፤ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ መልሱት። ከንፈሩ ወይም ፊቱ ካበጠና ትንፋሽ ካጠረው ሽሮፑን አቁማችሁ በዚያችው ሰዓት ሆስፒታል ውሰዱት።

ወደ ማስቀመጫው ስንመጣ ቆሰበር ታድላለች። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አልፋ የምትገኝ ናት፤ በክረምት ቤት ውስጥም ጋቢ የሚያስፈልግባት ናት። ብዙዎቹ አምራቾች የተበጠበጠ አሞክሳሲሊን በፍሪጅ 14 ቀን፣ ከ25 ዲግሪ በታች በሆነ ቦታ ደግሞ 7 ቀን እንደሚቆይ ይጽፋሉ። አንዳንዱ አምራች በፍሪጅም ቢሆን 7 ቀን ብቻ ይላል፤ የእናንተን ጠርሙስ ወረቀት እመኑ። የ5 ቀን ሕክምና ከሆነ ፍሪጅ የሌለው የቆሰበር ቤትም በትክክል ይበቃል፣ ቦታውን ከመረጣችሁ። ዝቅ ብላ ሞቅ በምትለው ዳንግላ የበጋ ቀን ግን የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ መደርደሪያ 25 ዲግሪን ሊያልፍ ይችላል። ያኔ ጠርሙሱን ቀዝቃዛ ውሃ በያዘ ሸክላ አጠገብ፣ ከፀሐይና ከምድጃ ርቆ፣ ልጆች የማይደርሱበት ቦታ አኑሩት። ስህተቱ ሁልጊዜ ከመስኮት ጠርዝና ከማድቤት አይወጣም፤ ለመስጠት እንዲመች ተብሎ ምድጃ አጠገብ ይቀመጣል።

ፍሪጅ ያላችሁ ደግሞ መሐለኛው መደርደሪያ ላይ አኑሩት። በር ላይ ያለው ቦታ በተከፈተ ቁጥር ይሞቃል። ከላይ ባለው በረዶ ቤት ውስጥ አታስገቡት፤ በረዶ ከሆነ በኋላ ዱቄቱ ተቋጥሮ ልኩ አይታመንም። መብራት ጥቂት ሰዓት ቢጠፋ በሩን ሳትከፍቱ ጠብቁ።

ኦግመንቲን ብለን የምንጠራው፣ አሞክሳሲሊን ከክላቩላኒክ አሲድ ጋር ያለበት ሽሮፕ ጠበቅ ያለ ነው። ክላቩላኒክ አሲዱ ከውሃ ጋር ሲገናኝ ከአሞክሳሲሊኑም ፈጥኖ ይበላሻል። በፍሪጅ፣ ለ7 ቀን ብቻ ነው። ሲበጠበጥ ነጣ ያለው ፈሳሽ ወደ ደማቅ ቢጫ ወይም ቡናማ ከሄደ አትስጡት። ግን ነጭ ሆኖ ሳለም አቅሙ ሊያልቅ ስለሚችል ዓይናችሁ ዳኛ አይሁን፤ ቀኑን ቁጠሩ። ፍሪጅ የሌለው ወላጅ ይህን ሽሮፕ ሲታዘዝለት ከፍሎ ከመውጣቱ በፊት «ፍሪጅ የለኝም» ይበለን። ከሐኪሙ ጋር ተነጋግረን ሌላ ልናገኝ እንችላለን። ለሳንባ ምች በጤና ኬላ የሚሰጠው አሞክሳሲሊን ለዚሁ ችግር መልስ ነው፤ በሚሰጥበት ሰዓት በማንኪያ ንጹሕ ውሃ የሚሟሟ ባለ 250 ሚሊ ግራም እንክብል ነው፣ ፍሪጅም ልኬትም አይጠይቅም። ቀለል ያለ ስለሆነ «የድሃ መድኃኒት» አድርጎ የሚያየው አለ። እኔ በበኩሌ ከፍሪጅ ውጪ ከሚከርም ኦግመንቲን እሱን እመርጣለሁ።

ሁሉም ሽሮፕ ግን ፍሪጅ አይወድም። ክላሪትሮማይሲን ፍሪጅ ሲገባ ይወፍራል፣ ይመራልም። ኮትሪሞክሳዞል ከፋብሪካው ፈሳሽ ሆኖ ስለሚመጣ ውሃ አይጨመርበትም። «አንቲባዮቲክ ነው፣ ፍሪጅ አስገቡት» የሚለው አጠቃላይ ምክር ስለዚህ ልክ አይደለም።

ቀን መቁጠሩ ላይ ጳጉሜን አትርሱ። ነሐሴ 28 ማታ የተበጠበጠ ጠርሙስ 7 ቀኑ ጳጉሜ 5 ማታ ይሞላል። 14 ቀን የሚቆይ ከሆነ በተራ ዓመት መስከረም 7 ላይ ያበቃል። በሁለቱ መሐል እንቁጣጣሽ አለ፣ ቤት በእንግዳ ይሞላል፣ ጠርሙሱ ይረሳል። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ ሁለት ነገር ጻፉ፦ የተበጠበጠበትን ቀንና የሚጣልበትን ቀን።

የሚጣል ነገር ከየት ይመጣል የምትሉ ካላችሁ ሒሳባችንን እንይ። 7 ኪሎ የሚመዝን የ6 ወር ሕፃን ከዚያው 250 ሽሮፕ የሚወስደው 5 ሚሊ ሊትር በቀን ሁለት ጊዜ ነው። በ5 ቀን 50 ሚሊ ሊትር። ጠርሙሱ ግን 100 ስለሆነ፣ ምንም ሳትሳሳቱ፣ ሁሉን በትክክል ሠርታችሁ፣ ግማሹ ይተርፋል። የተረፈው «ላለመባከን» ይቀመጣል። ለታላቅ ወንድሙ ጉንፋን ሲይዘው ይወጣል፤ ጉንፋንን የሚያመጣው ግን ቫይረስ ነውና አሞክሳሲሊን አይነካውም። የእውነት ባክቴሪያ ቢሆንም የታላቅ ልጅ መጠን ሌላ ነው፣ ቀኑም አልፎበታል፣ 50 ሚሊ ሊትሩም ሕክምናውን አይጨርስም። ለጎረቤት ልጅ መስጠትም ያው ነው። እዚህ አካባቢ ደግሞ ለጫጩት የሚሰጡ አሉ። ዶሮዋ ብትታመም ለእሷ የእንስሳት ሐኪም አለ።

መጣያው ይህ ነው። መጀመሪያ መድኃኒት ቤታችሁን «ትረከባላችሁ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚረከብ ካልሆነ ቤታችሁ ውስጥ ማበላሸት ትችላላችሁ። የተረፈውን ሽሮፕ በላስቲክ ከረጢት ውስጥ ካለ የቡና ዝቃጭ ወይም አመድ ጋር ለውሱት፤ ለልጅም ለውሻም የማያስጎመጅ ይሁን። ከረጢቱን አስራችሁ ከቆሻሻው ጋር ጣሉት። በሽንት ቤት ጉድጓድ፣ በቦይ ወይም በወንዝ አትድፉት። ውሃው ውስጥ ባሉት ባክቴሪያዎች ላይ ትንሽ ትንሽ መድኃኒት ማፍሰስ ነው፤ ከብቶች ከዚያው ይጠጣሉ።

ባዶው ጠርሙስ ላይ ያለውን ወረቀት ላጡት። ላምባ ወይም በረኪና ለመያዝ አትጠቀሙበት፤ በዚያ ጠርሙስ ጣፋጭ ነገር የቀመሰ ልጅ በሚቀጥለው ሳምንትም ጣፋጭ መስሎት ይከፍተዋል። ቁራሌው መጥቶ ሊገዛችሁ ቢፈልግ ታጥቦ፣ ወረቀቱ ተልጦ ይሂድ። ልኬቱን ወይም ሲሪንጁን ብቻ በሞቀ ውሃ አጥባችሁ አድርቁና አስቀምጡ።